የጊዜ ገደብ በድጋፍ ወረፋ፦ ሰዓቱ እንዴት እንደሚቆጠርና ሊያልፍ ሲል ምን እንደሚደረግ

ይህ መመሪያ ጎንደር ውስጥ ለቅርንጫፍ ቢሮዎች የአይቲ ድጋፍ ለሚሰጡ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ጥያቄ በቲኬት ይመዘገባል፣ ወረፋ ውስጥ ይገባል፣ ለእያንዳንዱ ቲኬት በውሉ መሠረት የጊዜ ገደብ ይሰጠዋል። ገደቡ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ሥራው ከባድ ስለሆነ አይደለም። ሰዓቱ መቼ እንደሚያልቅ በትክክል የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ቆጠራውን እናያለን፣ ከዚያ ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት እንሄዳለን።

አንድ ቲኬት፣ ሁለት ሰዓት

ቲኬት ሲከፈት በአንድ ጊዜ ሁለት ቆጠራ ይጀምራል። የመጀመሪያው የምላሽ ሰዓት ነው፤ ደንበኛው ከሰው መልስ እስኪያገኝ ያለው ጊዜ። ሁለተኛው የመፍትሔ ሰዓት ነው፤ ችግሩ እስኪፈታ ያለው ጊዜ።

የምላሽ ሰዓት የሚቆመው አንድ ባለሙያ ለደንበኛው የሚታይ መልስ ሲጽፍ ብቻ ነው። «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚለው አውቶማቲክ መልእክት አይቆጠርም። ለባልደረባ የሚጻፍ የውስጥ ማስታወሻም አይቆጠርም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ስልክ ላይ ነው። ደንበኛውን ደውለው አናግረው፣ ምናልባት ችግሩንም ፈትተውለት ይሆናል፤ በቲኬቱ ላይ ካልጻፉ ግን ሲስተሙ መልስ እንደተሰጠ አያውቅም። ስልኩን እንደዘጉ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «አሁን በስልክ ተነጋግረናል፤ አራቱም ኮምፒውተሮች እንደማይገቡ ነግረውኛል፤ ምርመራ ጀምሬያለሁ።» ይህ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም፤ የምላሽ ሰዓቱንም ያቆማል።

ቆጠራው በሥራ ሰዓት ነው

«8 ሰዓት» የሚል ገደብ ስምንት የሥራ ሰዓት ማለት እንጂ ሳይቋረጥ የሚቆጠር ስምንት ሰዓት ማለት አይደለም፤ ውሉ ቀንና ሌሊት ካላለ በስተቀር። የመንግሥት የሥራ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ዓርብ ግን የምሳ ዕረፍቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ቀኑ 7 የሥራ ሰዓት ብቻ አለው። በሲስተሙ የሥራ ሰዓት ሰንጠረዥ ላይ ዓርብን እንደ ሌላው ቀን የሞላ ሰው እያንዳንዱን ዓርብን የሚሻገር ቲኬት በአንድ ሰዓት አሳጥሮታል።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘን እንሂድ። ዓርብ ከጠዋቱ 4:45 ላይ ከአዘዞ ቅርንጫፍ ቲኬት ይመጣል፦ መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ አራቱም ኮምፒውተሮች ወደ ሲስተሙ አይገቡም። ቅርንጫፉ ለጊዜው ደረሰኝ በእጅ መቁረጥ ስለሚችል ቲኬቱ ሁለተኛ ደረጃ ተሰጥቶታል፤ ምላሽ በ1 የሥራ ሰዓት፣ መፍትሔ በ8 የሥራ ሰዓት።

የምላሹን ገደብ እናስላ። ከ4:45 እስከ 5:30 ድረስ 45 ደቂቃ ይቆጠራል። ከዚያ ዕረፍት ነው። የቀሩት 15 ደቂቃዎች የሚቆጠሩት ከ7:30 ጀምሮ ስለሆነ ገደቡ 7:45 ላይ ያርፋል።

የመፍትሔውን ደግሞ እንዲሁ። ጠዋት 45 ደቂቃ፣ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት፣ ድምሩ 4 ሰዓት ከ45 ነው። 3 ሰዓት ከ15 ይቀራል፤ ሰኞ ከ2:30 ሲቆጠር 5:45 ላይ ያልቃል።

እዚህ ላይ ስክሪኑ ምን እንደሚያሳይ ልብ ይበሉ። ሲስተሙ የሰኞውን ገደብ `11:45` ብሎ ይጽፈዋል። በእኛ አቆጣጠር 11:45 ሲባል ግን የሥራ መውጫ አልፎ ማለት ነው፤ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ቀኑን ሙሉ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ደንበኛውም «እስከ 10 ሰዓት ድረሱልን» ሲል በስክሪኑ `16:00` ማለቱ ነው። ለደንበኛ ሲጻፍ ሁልጊዜ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ብሎ በኢትዮጵያ ሰዓት መጻፍ፣ በውስጥ ማስታወሻ ደግሞ የስክሪኑን ሰዓት መጠቀም፣ ሁለቱን በአንድ መልእክት ውስጥ አለመቀላቀል ይሻላል። የሲስተሙ የሰዓት ክልል `Africa/Addis_Ababa` መሆኑንም ያረጋግጡ። `UTC` ላይ ከተተወ የሥራ ሰዓቱ ሁሉ በሦስት ሰዓት ይንሸራተታል፤ ጠዋት 2:30 ላይ የገባ ቲኬት እስከ 5:30 ድረስ ሳይቆጠር ይቀመጣል።

በዓላትም በሰንጠረዡ ላይ በእጅ መግባት አለባቸው። ጎንደር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሰንጠረዡ ዝግ የሚሆነው ጥር 11 ቀን ብቻ ነው። ነገር ግን ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ጥር 12 ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ይመለሳል። በእነዚህ ሰዓታት ዋና ዋናዎቹ መንገዶች በሕዝብ ስለሚሞሉ ሰዓቱ እየቆጠረ ባለሙያው መኪና ውስጥ ይቆማል። ይህን በውሉ ላይ ቀድሞ ማስገባት ነው እንጂ በዕለቱ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ አያዋጣም።

ሰዓቱ የሚቆመው መቼ ነው

ባለሙያው ከደንበኛው መረጃ ሲጠይቅና ቲኬቱን «ደንበኛ በመጠበቅ ላይ» ወደሚለው ሁኔታ ሲያዛውር የመፍትሔ ሰዓቱ ይቆማል። በብዙ ሲስተሞች ይህ `Pending` ወይም `Waiting for customer` ይባላል። `On-hold` የሚባለው ግን ሌላ ነው። እሱ ሦስተኛ ወገንን፣ ለምሳሌ ዕቃ አቅራቢን ወይም የኢንተርኔት ድርጅትን፣ ሲጠብቁ የሚያገለግል ነው። በአንዳንድ ሲስተም የደንበኛው የጥበቃ ሰዓት በዚህ ሁኔታ ውስጥም ይቆጥራል። ምክንያቱም ደንበኛው አሁንም አገልግሎት አላገኘም፤ ዕቃው የዘገየው በማን በኩል እንደሆነ አይመለከተውም። በእርስዎ ሲስተም ላይ የትኛው ሁኔታ እንደሚያቆም ለመፈተን አንድ የሙከራ ቲኬት ከፍተው በየሁኔታው ለአሥር ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል።

ወደ አዘዞው እንመለስ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 9:00 ላይ ባለሙያው የስዊቹን መብራቶች ፎቶ አንስተው እንዲልኩለት ይጠይቃል። ፎቶው 10:00 ላይ ይመጣል፤ ምንም መብራት አይታይበትም። ሰዓቱ ለአንድ ሰዓት ቆሟል፤ ስለዚህ ገደቡ ከሰኞ 5:45 በአንድ ሰዓት ይገፋል። ይህ ግን 6:45 አይሆንም፤ 6:45 የምሳ ሰዓት ነው። 45 ደቂቃው እስከ 6:30 ይሄድና የቀረው 15 ደቂቃ ከምሳ በኋላ ይቆጠራል። አዲሱ ገደብ ሰኞ ከሰዓት በኋላ 7:45 ነው።

በዚህ ላይ አንድ ስውር አደጋ አለ። ደንበኛው ሲመልስ ሰዓቱ ወዲያው ይነሣል፤ ባለሙያው ግን ቲኬቱን «እየጠበቅሁ ነው» ብሎ ከአእምሮው አውጥቶታል። መልሱ ከቲኬቱ ውጭ በኢሜይል ወይም በሌላ ቁጥር ከመጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ሰዓቱ እንደቆመ ይቀራል፣ ደንበኛው ግን መልሷል። ሁለቱንም የሚያስቀረው በጠዋትና ከምሳ መልስ የቆሙትን ቲኬቶች አንድ በአንድ መክፈት ነው።

ማስጠንቀቂያው መቼ ይጩህ

ብዙ ቦታ ሲስተሙ ገደቡ 75 በመቶ ሲደርስ እንዲያስጠነቅቅ ይደረጋል። ለስልክና ለርቀት ሥራ ይበቃል። ቦታ ድረስ ለሚኬድ ሥራ ግን አይበቃም፤ በምሳሌያችን እንየው።

ከ8 ሰዓት 75 በመቶው 6 ሰዓት ነው። ዓርብ እስከ መውጫ፣ የቆመውን ሰዓት ቀንሰን፣ 3 ሰዓት ከ45 አልፏል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ሰኞ ከጠዋቱ 4:45 ነው። አሁን ሥራውን ከኋላ ወደ ፊት እንቁጠር። ከፒያሳ አዘዞ ለመድረስ ከነመጠበቁ 40 ደቂቃ እንያዝ፣ ስዊቹን ለመቀየር 20፣ አራቱን ኮምፒውተሮች ለመሞከርና ደንበኛው እንዲያረጋግጥ 30 ደቂቃ። ድምሩ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከገደቡ በፊት ካለው የሥራ ሰዓት ውስጥ 15 ደቂቃው ከምሳ በኋላ ስለሆነ ቀሪው አንድ ሰዓት ከሩብ ከ6:30 በፊት መጀመር አለበት። የመጨረሻው የመነሻ ሰዓት 5:15 ነው ማለት ነው። በምሳ ሰዓት መጓዝ አይጠቅምም፤ ቅርንጫፉ እስከ 7:30 ዝግ ነውና ሲከፈት የሚቀረው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

ከ4:45 እስከ 5:15 ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞዴል 20 ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ሞዴል 22 ተቆርጦ ስዊቹ ከግምጃ ቤት ይወጣል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ የመስክ ሥራ ማስጠንቀቂያ በ50 በመቶ ይሁን። በዚህ ቲኬት ላይ 50 በመቶው ሰኞ ጠዋት 2:45 ላይ ይደርስ ነበር፤ ዕቃውን ለማስወጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ይተርፋል። ከዚህም የተሻለው ዓርብ 10:00 ላይ ፎቶው እንደመጣ የዕቃ መጠየቂያውን መሙላት ነው።

በ`Jira Service Management` የሚሠሩ ከሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያልቁትን ለብቻ የሚያወጣ ወረፋ በዚህ ይሠራል፦

```
"Time to resolution" = running() AND "Time to resolution" < remaining("2h") ORDER BY "Time to resolution" ASC
```

ሊያልፍ ሲል፦ ቅደም ተከተሉ

ማስጠንቀቂያው 4:45 ላይ መጥቶ ስዊቹ ገና ግምጃ ቤት ነው እንበል።

1. ቲኬቱን ከፍተው ሰዓቱ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ደንበኛውን እየጠበቁ ያልቆመ፣ ወይም ተፈትቶ ያልተዘጋ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁለት ደቂቃ ነው።

2. ባለቤቱን አንድ ሰው ያድርጉ። በቡድን ስም ላይ ያለ ቲኬት ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይነሣበትም። የሰው ስም ይጻፍበት፤ ያ ሰውም «ይዤዋለሁ» ይበል።

3. ከላይ እንዳደረግነው የመጨረሻውን የመነሻ ሰዓት ያስሉና በውስጥ ማስታወሻ ላይ ይጻፉት። «ትንሽ ጊዜ ቀርቷል» ከሚል ይልቅ «እስከ 5:15 ካልወጣን አንደርስም» የሚለው ሰውን ያስነሣል።

4. አገልግሎቱን ለጊዜው የሚመልስ መንገድ ይፈልጉ። ስዊቹ ከሞተ የገንዘብ ተቀባዩን ኮምፒውተር ብቻ በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ደንበኛውን በስልክ እየመሩ አሥር ደቂቃ ይበቃል፦ ከራውተሩ ወደ ስዊቹ የሚሄደውን ኬብል እንዲነቅሉ፣ በተነቀለው ቀዳዳ ላይ የኮምፒውተሩን ኬብል እንዲሰኩ፣ የቀዳዳው መብራት መብራቱን እንዲነግሩዎት። በተጨማሪም የስዊቹን አዳፕተር ሌላ ሶኬት ላይ እንዲሞክሩት ይጠይቁ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው አዳፕተሩ ነው፣ ስዊቹ ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል። አዳፕተር ለመቀየር ቮልቴጁ ከተጻፈው ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የጫፉም ዋልታ ተመሳሳይ መሆን አለበት።

ጊዜያዊው መፍትሔ የመፍትሔ ሰዓቱን ያቆም እንደሆነ የሚወስነው ውሉ ነው። ውሉ «አገልግሎቱ ሲመለስ» የሚል ከሆነ ቲኬቱ ይዘጋና ለስዊቹ ቅያሬ ሌላ ቲኬት ይከፈታል። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ተመልሶ ሦስቱ ካልሠሩ ግን አገልግሎት ተመልሷል ማለት አይቻልም። ይህን ደንበኛው ነው የሚለው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

5. ለሚመለከተው ሰው ያሳውቁ፤ ሲያሳውቁም የሚፈልጉትን አንድ ነገር ይናገሩ። «ቲኬቱ ሊያልፍብን ነው» የሚል መልእክት ለኃላፊ ጭንቀት እንጂ ሥራ አይሰጠውም። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ጋሼ፣ የአዘዞ ቅርንጫፍ ቲኬት ዛሬ ከሰዓት 7:45 ላይ ያልፋል። ስዊቹ ግምጃ ቤት አለ፤ መጠየቂያው የእርስዎን ፊርማ ይጠብቃል። እስከ 5:10 ከተፈረመ 5:15 ወጥቼ እደርሳለሁ። ካልሆነ ለቅርንጫፉ አሁኑኑ አዲስ ሰዓት መንገር አለብኝ።»

6. ለደንበኛው ገደቡ ከማለፉ በፊት ይንገሩ። ይህን ደረጃ የሚያዘገዩ ብዙ ናቸው፤ «ምናልባት ይደርስ ይሆናል» እያሉ። ነገር ግን 6:00 ላይ የተነገረው ደንበኛ ከሰዓት በኋላ የሚመጡ ሰዎችን በእጅ ደረሰኝ ለማስተናገድ ይዘጋጃል፤ 8:00 ላይ የተነገረው ሰልፉ ፊቱ ቆሞ ነው የሚሰማው። መልእክቱ ምን እንደታወቀ፣ ምን እየተሠራ እንደሆነ፣ እስከዚያ ምን ማድረግ እንደሚችሉ፣ ቀጣዩ ዜና መቼ እንደሚደርሳቸው ይንገራቸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የኔትወርክ ስዊቹ መሥራት እንዳቆመ አረጋግጠናል። መተኪያው ዛሬ ይወጣል፤ ነገር ግን በገባነው ቃል መሠረት እስከ ከሰዓት በኋላ 7:45 አንደርስም። ባለሙያችን ከሰዓት በኋላ 9:00 ላይ ቅርንጫፉ ይገኛል። እስከዚያ የገንዘብ ተቀባዩ ኮምፒውተር በራውተሩ ላይ እንደተሰካ ይቆይ። 8:00 ላይ ከቢሮ ስንነሣ እንደውልልዎታለን።»

የ8:00ው ስልክ መደወል አለበት፤ ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም። ሁለተኛ ቃል ማፍረስ ከመጀመሪያው ይከፋል።

ብዙ ቲኬት በአንድ ጊዜ ሲጠብብ

ይህ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነው። በእጅዎ ሦስት ቲኬቶች አሉ እንበል። አንደኛው 2 ሰዓት ቀርቶታል፣ ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሁለተኛው 1 ሰዓት ቀርቶታል፣ የይለፍ ቃል መቀየር ስለሆነ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሦስተኛው 40 ደቂቃ ብቻ ቀርቶታል፣ ሥራው ግን 3 ሰዓት ነው።

ዓይን የሚሄደው ወደ ሦስተኛው ነው፤ ቀዩ እሱ ነውና። እሱን ከያዙ ግን እሱም ያልፋል፣ ሌሎቹ ሁለቱም ያልፋሉ። አንደኛውን ቢያስቀድሙ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ ሁለተኛው አልፏል። ትክክለኛው ይህ ነው፦ በመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ወስደው ለሦስተኛው ደንበኛ አዲስ ሰዓት ይጻፉና ቲኬቱን ሊይዝ ለሚችል ባልደረባ ያስተላልፉ። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ይጨርሱ። ከዚያ አንደኛውን ይጀምሩ፤ 15 ደቂቃ ይተርፍዎታል። የሚይዝ ባልደረባ ከሌለ ሦስተኛው በመጨረሻ ይሠራል።

ይህን የሚሽር አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉዳቱ። ሦስተኛው ቲኬት የጤና ጣቢያ የመድኃኒት መዝገብ መቋረጥ ከሆነ፣ ሁለቱም ሌሎች ቢያልፉ እንኳ እሱ ይቀድማል። የጊዜ ገደብ የተሠራው ጉዳትን ለመቀነስ ስለሆነ ጉዳቱና ሰዓቱ ሲጋጩ ጉዳቱን ይከተሉ፤ ለምን እንደሆነም በሌሎቹ ቲኬቶች ላይ ይጻፉ።

ሰዓቱን ማታለል

ገደቡ ሊያልፍ ሲል የሚደረጉ ሦስት ማታለያዎች አሉ። ቲኬቱን ያለ ጥያቄ ወደ `Pending` ማዛወር፣ ደረጃውን ዝቅ ማድረግ፣ ሳይፈታ ዘግቶ እንደገና መክፈት። በሪፖርቱ ላይ ቁጥሩን አረንጓዴ ያደርጉታል። ነገር ግን ኃላፊው የሰው ወይም የመለዋወጫ እጥረት እንዳለ የሚያውቀው ከዚያ ሪፖርት ነው፤ ከተሸፈነ በሚቀጥለውም ወር ስዊቹ ግምጃ ቤት ይቀራል። እንዲህ መደረጉን ለማወቅ ገደቡ ሊያልፍ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወደ `Pending` የሄዱትን ቲኬቶች ይፈልጉና በመጨረሻው መልእክት ላይ የጥያቄ ምልክት እንዳለ ይመልከቱ። ከሌለ፣ ደንበኛው ምን ተጠይቆ ነው የሚጠበቀው?

ካለፈ በኋላ

ያለፈ ቲኬት ሌላ አደጋ ይገጥመዋል። ወረፋው በቀሪ ሰዓት ሲደረደር ሰው ገና ያላለፉትን ለማዳን ይሯሯጣል፤ ያለፈው «አንዴ አልፏል» ተብሎ ለቀናት ይቀመጣል። ለዚህ ያለፉት ለብቻቸው በሌላ ወረፋ ይሁኑ፤ ለደንበኛው የተነገረው አዲስ ሰዓትም በቲኬቱ ላይ እንደ ሁለተኛ ገደብ ይመዝገብ። የመጀመሪያው ገደብ እንዳለፈ ይቆጠራል፤ አይሰረዝም።

ሲዘጋ ምክንያቱ በአንድ ቃል ይያዝ፦ ዕቃ፣ ጉዞ፣ ዘግይቶ መመደብ፣ የተሳሳተ ደረጃ፣ ሦስተኛ ወገን። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይቆጠሩ። «ዕቃ» ከበዛ ሁለት ስዊችና ጥቂት አዳፕተሮች በድጋፍ ክፍሉ ስም በሞዴል 22 ወጥተው ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጡ ይጠየቃል። «ዘግይቶ መመደብ» ከበዛ ጠዋት 2:30 እና ከምሳ በኋላ 7:30 ላይ ወረፋውን የሚያከፋፍል ሰው በስም ይመደባል፤ እሱ በማይኖርበት ቀን የሚተካውም ሰው አብሮ ይጻፋል።